ስሟ ከፊት፣ ግሱ ሳይቆረጥ

መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ለመስቀል ጥቂት ቀናት ቀርተዋል። የዝግጅት ክፍላችን ጭር ብሏል፤ ተረኞቹ አራት ነን። በቴሌቪዥኑ የበርሊን ማራቶን ይታያል። ትዕግስት አሰፋ የመጨረሻውን መስመር ስታልፍ ሰዓቱ 2:11:53 አለ። እስከዚያች ቅጽበት የሴቶች ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ኬንያዊቷ ብሪጂድ ኮስጌ እ.ኤ.አ. በ2019 ቺካጎ ላይ ያስመዘገበችው 2:14:04 ነበር። ጮኽን፣ ተቃቀፍን። ከዚያ ወደየወንበራችን ተመለስን። ዜናው መጻፍ አለበት፤ ዜናው ደግሞ ርዕስ ይፈልጋል።

ያን ቀን ከአርታኢያችን አጠገብ ተቀምጬ ያየሁትን የእጅ ሥራ እስካሁን አልረሳሁትም። አርታኢያችንን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ከወረቀት ጋዜጣ ዘመን የመጡ ሰው ናቸው። ርዕስ ሲሠሩ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ለራሳቸው ያነቡታል፤ ፊደሉን በሌባ ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ መታ መታ እያደረጉ ይቆጥሩታል። ወጣቷ የስፖርት ዘጋቢያችን ረቂቋን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ላከችላቸው። ርዕሱ እንዲህ ይል ነበር፦ «ታዋቂዋ ኢትዮጵያዊት አትሌት በጀርመን አዲስ ታሪክ ሠራች»።

ሐሰት የለበትም። አትሌቷ ታዋቂ ናት፣ ኢትዮጵያዊት ናት፣ ሩጫው ጀርመን ነው፣ ታሪክም ተሠርቷል። ጋሼ ግን አንብበው ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞር ብለው፣ «ስሟ የት አለ ልጄ?» አሏት።

«ጋሼ፣ ስሙን ከነገርናቸው ከፍተው ያነቡታል ወይ ብዬ ነው።»

«ስሟን የሚፈልገው ሰው ካላገኘው በምን ይከፍተዋል?»

ክርክሩ በዚህ አለቀ። ሥራው ግን ገና መጀመሩ ነበር።

አንባቢን ሆን ብሎ የሚያጠምድ ርዕስ፣ በተለምዶ ክሊክቤይት የምንለው፣ ብዙ ጊዜ ውሸት አይናገርም። የሚያደርገው አንዲት አስፈላጊ ነገር መንጠቅ ነው። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሆነ ወይም የት እንደሆነ ይነጥቅና ባዶውን ቦታ በቅጽል ይሞላዋል፦ ታዋቂዋ፣ አነጋጋሪው፣ አስደንጋጩ፣ ያልተጠበቀው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዲህ ያሉ ርዕሶችን ከገጹ ለመቀነስ ሲነሣ መለያ ያደረጋቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንዱ መረጃን መደበቅ፣ ሌላው ማጋነን። የልጅቷ ረቂቅ አላጋነነም፤ ደበቀ እንጂ። ስሟን ደበቀ፣ ማራቶን መሆኑንም ደበቀ። «አዲስ ታሪክ» የሚለውም ክብረ ወሰንን ሸፍኖታል፤ አዲስ ታሪክ ብዙ ዓይነት ነው፤ ክብረ ወሰን ግን በሰዓት የሚለካ ነገር ነው።

ስሟ ይግባ ከተባለ በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር ተገኘ። ትዕግስት ስም ብቻ አይደለም፤ ቃልም ነው። መፈለጊያ ሳጥን ላይ «ትዕግስት» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚያገኘው ስብከት፣ ምክርና ስለ ትዳር የተጻፈ ጽሑፍ ነው። አትሌቷ ከዚህ ሁሉ መካከል ብቅ የምትለው የአባቷ ስም አብሯት ሲኖር ነው። ስለዚህ በዜናው ውስጥ እንደ ወጋችን «ትዕግስት» ብቻ ብለን ብንቀጥልም ርዕሱ ላይ «ትዕግስት አሰፋ» መሆን አለባት። የውጭ መገናኛ ብዙኃን «አሰፋ» ብቻ ብለው ይጠሯታል፤ ለእኛ አንባቢ ያ አባቷን መጥራት ነው።

ልጅቷ ወዲያው ሁለተኛ ረቂቅ አመጣች፤ እውነቱን ለመናገር ውብ ነበር፦ «ትዕግስት ፍሬዋን በርሊን ላይ ለቀመች»። ሰምና ወርቅ ያለው ርዕስ ነው። የአትሌቷን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ወርቁ ይጎላል። ትዕግስት እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ በ800 ሜትር የተወዳደረች ናት። ከመካከለኛ ርቀት ወደ ማራቶን እስክትሻገር ዓመታት ፈጅቶባታል፤ ከዚያም በ2015 ዓ.ም. መስከረም በዚያው በበርሊን 2:15:37 ገብታ አሸንፋለች። የትዕግስት ፍሬ ሲባል ስሟም ዕጣዋም አንድ ላይ ይመጣሉ። ጋሼ ፈገግ ብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወረቀት ላይ ገልብጠው መሳቢያቸው ውስጥ አስቀመጡት።

ለምን እንዳስቀመጡት ያን ጊዜ አልገባኝም። አሁን ይገባኛል። ያ ርዕስ ከጎኑ ፎቶግራፍ፣ ከበላዩ «ስፖርት» የሚል ዓምድ ሲኖረው ይሠራል፤ አንባቢው ገጹን ሲገልጥ አትሌቷን ያያታል፣ ቅኔውንም ይፈታዋል። ብቻውን በስልክ ማሳወቂያ ላይ ሲመጣ ግን ሰሙ ብቻ ይቀራል፤ ስለ ትዕግስት የሚያስተምር ጽሑፍ ይመስላል። ከአንድ ወር በኋላ የሚፈልገው ሰውም አያገኘውም፤ ማራቶን የለበትም፣ ክብረ ወሰን የለበትም፣ የአባቷም ስም የለበትም። ርዕሱ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ቦታው እዚያ ስላልሆነ ነው የተነሣው።

ስሟ በየትኛው ቅርጽ ይግባ የሚለውም ቀላል አልነበረም። አማርኛ መስተዋድዱን ከስሙ ጋር ያጣብቃል። «የትዕግስት አሰፋ ድል» ስንል ስሟ የ ይዞ ይመጣል፤ «ትዕግስት አሰፋን ያላገደው ነፋስ» ስንል ደግሞ የአባቷ ስም ጅራት ያበቅላል። ለሰው ዓይን ይህ ምንም አይደለም። ቃልን ከክፍተት እስከ ክፍተት እንደ አንድ ዕቃ ለሚቆጥር መፈለጊያ ግን «አሰፋ» እና «አሰፋን» ሁለት ነገሮች ናቸው። የብዙ የአማርኛ ድረ ገጾች የውስጥ መፈለጊያ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ የሥር ቃልን ለይቶ ማውጣት አይችልም። መፍትሔው ከሰዋስዋችን ውስጥ ይገኛል። ባለቤት የሆነ ስም በአማርኛ ምንም ሳይለጠፍበት፣ ንጹሑን፣ ከፊት ይቆማል። ስለዚህ አትሌቷ የድርጊቱ ባለቤት የሆነችበት ዓረፍተ ነገር በሰዋስው በኩል ትክክል፣ በፍለጋ በኩል ምቹ፣ በክብር በኩልም ተገቢ ነው። ሮጣ ሰብራለችና ባለቤቷ እሷ ናት።

አጻጻፉም አከራካሪ ነው። ትዕግስት፣ ትዕግሥት፣ ትእግስት፣ ትግስት። አራቱም በአንባቢ አንደበት አንድ ናቸው፤ ኮምፒዩተር ላይ ግን የተለያየ ቁጥር ያላቸው ፊደላት ናቸው። አንዳንድ ድረ ገጾች ሁሉንም በቅንፍ ርዕሱ ውስጥ ይደረድሯቸዋል። ጋሼ ይህንን አይወዱም፤ «ስም የገበያ ምልክት አይደለም» ይላሉ። እሳቸው የሚያደርጉት ከአራቱ አንዱን መርጠው በሁሉም ዜና ላይ ሳያዛንፉ መጠቀም ነው። ከዓመታት በፊት የተጻፈውና ዛሬ የተጻፈው ዜና አንድ አጻጻፍ ካላቸው አንዱን ያገኘ ሰው ሌላውንም ያገኘዋል። ሌላው የተለመደ አጻጻፍ ደግሞ ከፎቶው ሥር ባለው መግለጫ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ በተፈጥሮ ቦታው ይገባል። «ክብረ ወሰን» እና «ሪከርድ» ላይም ይኸው ነው። ጋዜጣ ክብረ ወሰን ይላል፣ ሰው ሪከርድ ብሎ ይፈልጋል፤ ርዕሱ የመጀመሪያውን ይይዛል፣ የመጀመሪያው አንቀጽ ሁለተኛውን።

እስካሁን ያልኩት ስለ ርዕሱ ራስ ነው። የጋሼ ጥበብ በእውነት የሚታየው ግን ጅራቱ ላይ ነው።

የእኛ ዓረፍተ ነገር ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ግሱን ከስሙ ቀጥሎ ያመጣዋል፤ ርዕሱ ከመካከሉ ቢቆረጥበት እንኳ ምን እንደተደረገ ተነግሯል። የእኛ ርዕስ ሲቆረጥ የሚጠፋው ግሱ ነው፤ ግሱ ከጠፋ ዜናው ጠፋ ማለት ነው። ያን እሑድ ሌላው ተረኛ እንዲህ ብሎ ጽፎ አሳይቷቸው ነበር፦ «ኢትዮጵያዊቷ አትሌት ትዕግስት አሰፋ ዛሬ በጀርመን በርሊን ከተማ በተካሄደው የማራቶን ውድድር የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች»። ምንም ያልተደበቀበት፣ ጨዋ ርዕስ ነው። ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው በሙከራ ማሳወቂያ ላኩት። ስልኩ ላይ የታየው ይህ ነበር፦

«ኢትዮጵያዊቷ አትሌት ትዕግስት አሰፋ ዛሬ በጀርመን በርሊን…»

ምን ሆነች? አሸነፈች? አቋረጠች? ወደቀች? ስልኩን እያየሁ ውጤቱን የማውቀው እኔ እንኳ ልቤ ድንግጥ አለ። ጸሐፊው ማንንም ሊያጠምድ አላሰበም፤ የቋንቋው ቅርጽና የስልኩ ጠርዝ ተጋጭተው ሳይታሰብ ማጥመጃ ሠሩ። ይህን የሚያባብሰው ፊደላችን ሰፊ መሆኑ ነው። ስልክም ሆነ ጉግል ርዕስ የሚቆርጡት በስክሪኑ ስፋት እንጂ በፊደል ብዛት አይደለም። የላቲን ፊደል ላላቸው ቋንቋዎች የተጻፈ «ይህን ያህል ፊደል ይበቃል» የሚል መመሪያ ወስዶ ለአማርኛ የሚጠቀም ሰው ግሱን ገደል ጫፍ ላይ እያስቀመጠ ነው።

ጋሼ መቀነስ ጀመሩ። «ኢትዮጵያዊቷ» ወጣ፤ የእኛ አንባቢ ያውቃታል። «አትሌት» ወጣ፤ ክብረ ወሰን የሰበረች ሰው አትሌት መሆኗ አያጠራጥርም። «ዛሬ» ወጣ፣ «በጀርመን በርሊን ከተማ» ወጣ፣ «በተካሄደው የማራቶን ውድድር» ወደ አንድ ቃል ወረደ። የቀረው ይህ ነው፦

«ትዕግስት አሰፋ የዓለም ማራቶን ክብረ ወሰን ሰበረች»

ጣታቸው ጠረጴዛውን ሠላሳ ሁለት ጊዜ መታ። ክፍተቶቹ ተቆጥረው 32። በዚያው ስልክ ላይ ሙሉ በሙሉ ታየ፤ ግሱም ተረፈ።

«የሴቶች» የሚለው ቃል አለመኖሩ አሳስቦኝ ጠየቅኋቸው። «ግሱን እየው» አሉኝ። «ሰበረች» ላይ ያለችው ች የሴት ናት። ሌላ ቋንቋ አንድ ሙሉ ቃል የሚከፍልበትን አማርኛ በአንዲት ፊደል ይሸከመዋል። ለአንባቢው ይህ ይበቃዋል፤ የሴቶች ክብረ ወሰን መሆኑ የመጀመሪያው አንቀጽ መክፈቻ ላይ ተብራርቷል።

ግሱ በምን ቅርጽ ይምጣ የሚለውም ታስቦበታል። «ሰብራለች» አላሉም፤ ያ የሐተታ ቃና አለው። «መስበሯ ተገለጸ»ም አላሉም። ይህ «ተገለጸ» የጋዜጦቻችን የቆየ በሽታ ነው እላለሁ፤ «ተባለ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ታወቀ» የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። የዓረፍተ ነገሩን እጅግ ውድ ቦታ፣ መጨረሻውን፣ ማን እንደገለጸው ለማይናገር ግስ ይሰጡታል። ዋናውን ድርጊት ደግሞ «መስበሯ» ብለው ስም አድርገው ያቀዘቅዙታል። ምንጩ አጠያያቂ ሲሆን የሚናገረው ሰው በስሙ ይጠራ፤ ሁላችንም በዓይናችን ያየነውን ሩጫ ግን ማን ይግለጸው? ሮጠች፣ ገባች፣ ሰበረች።

ትኩስነትም ከዚያው ከግሱ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ዜናን ትኩስ ለማስመሰል «ሰበር» ይለጥፍበታል። ያን ዕለት «ሰበር ዜና፦ … ሰበረች» ቢባል ሁለቱ ሰበሮች እርስ በርሳቸው ይጣሉ ነበር። ከዚህ የሚከፋው ግን «ዛሬ» ነው። ርዕስ ከተጻፈበት ቀን በላይ ይኖራል። በማግስቱ የሚያገኘው ሰው አለ፤ በዓመቱ የሚያገኘውም አለ፤ ለሁለቱም «ዛሬ» ሐሰት ነው። «ሰበረች» ግን ዛሬ ለሚያነበው አሁን የሆነ ነገር ነው፣ በዓመቱ ለሚያነበውም እንደዚያው እውነት ነው። ገና ሊሆን ያለ ነገርም ያለ ቀን ትኩስ የሚሆንበት ቅርጽ አለን፦ «ልትሮጥ ነው»፣ «ሊጀመር ነው»። ይህ ቅርጽ ቅርብነቱን በራሱ ይናገራል። ችግሩ ከውድድሩ በኋላ ሳይቀየር መቅረቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ርዕስ የጻፈ ሰው ተመልሶ የመለወጥ ግዴታ አለበት።

ዓመተ ምሕረት ርዕስ ላይ ማስገባት ደግሞ ለእኛ ልዩ ወጥመድ አለው። በማግስቱ አንድ የሥራ ባልደረባ ለፍለጋ ይረዳል ብሎ «የ2016 በርሊን ማራቶን» የሚል ሊጨምርበት ፈለገ። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው። ነገር ግን «በርሊን ማራቶን 2016» ብሎ የሚፈልግ ሰው የሚጠብቀውን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2016 በርሊንን ያሸነፉት ቀነኒሳ በቀለና አበሩ ከበደ ናቸው፤ ቀነኒሳ ያን ቀን 2:03:03 ነበር የገባው። ሁለቱ 2016ዎች አንድ ከተማ፣ አንድ ውድድርና የኢትዮጵያ ድል ይጋራሉ። አንባቢው የቀነኒሳን ፈልጎ የትዕግስትን ያገኛል፣ ወይም በተቃራኒው፤ ስህተቱንም ላያስተውለው ይችላል። ቁጥሩ የግድ ካስፈለገ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» አብሮት ይሂድ፤ ካላስፈለገ ርዕሱን ይልቀቅ። ዕለቱ ከርዕሱ ሥር ተጽፏል፤ ሥራውም እዚያ ነው።

አሁን ርዕሱ ትክክል ነው፣ ይገኛልም፣ ትኩስም ነው። ይስባል ወይ? ዘጋቢዋ የጠየቀችው ይህንን ነበር። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ የማይነበብ ዜና ያልተጻፈ ያህል ነው። የወንዶቹን ውድድር ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ለአምስተኛ ጊዜ አሸንፎ ነበርና አንደኛው ሐሳብ የእሱን ስም ማስገባት ሆነ፦ «ኪፕቾጌ ባሸነፈበት በርሊን …»። ኪፕቾጌን የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ጋሼ አልተቀበሉትም። ዜናው ስለ እሱ አይደለም፤ እሱን ፈልጎ የሚመጣው ሰው አንድ አንቀጽ አንብቦ ይወጣል፣ ሁለተኛ ጊዜም አያምነንም። በዚያ ላይ ስሟን ከፊቱ ቦታ ያፈናቅለዋል።

መስህቡን ያገኙት ከዜናው ከራሱ ነው። ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን ወረቀት ላይ ጻፉ፦ 2:14:04፣ 2:11:53። ቀነሱ። ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ። ማራቶንን የሚከታተል ሰው እዚህ ቁጥር ላይ ዓይኑ ይፈጥጣል፤ በዚህ ርቀት የዓለም ክብረ ወሰን ብዙ ጊዜ የሚሻሻለው በሰከንዶች ነው። የዕለቱ እውነተኛ ድንቅ ክብረ ወሰኑ መሰበሩ ብቻ ሳይሆን የተሰበረበት መጠን ነው። ዘጋቢዋ «አስደናቂ» የሚል ቃል ፈልጋ ነበር። ጋሼ ቃሉን ትተው የሚያስደንቀውን ነገር አስቀመጡት፦

«ትዕግስት አሰፋ የዓለም ማራቶን ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሻለችው»

አሠራሩን በቅርብ እዩት። ርዕሱ ሁለት ግስ አለው። የመጀመሪያው ከመቆረጫው በፊት ያርፋል፤ ስልኩ ጠባብ ቢሆንና የቀረው ቢጠፋ አንባቢው ዜናውን ይዟል። ከድርብ ሰረዙ በኋላ ያለው ደግሞ ቦታ ላለው ስክሪን የተጨመረ ነው፤ መስህቡም እዚያ አለ። «አሻሻለችው» ላይ ያለው ው «ክብረ ወሰን» የሚለውን ቃል ሳይደግም ወደ ኋላ ያመለክታል። የወጣውም በሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ወዲያው ወጣ፤ ሁለተኛው ግማሽ የተጣራው ሰዓት ከታወቀና ቅናሹ ሁለቴ ከተሰላ በኋላ ተጨመረ። ርዕሱ የሚያድገው ወደ ቀኝ ነው። ራሱ አይነካም፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ያየው ሰው በሰዓቱ ተመልሶ ሲያየው ያው ዜና መሆኑን ያውቃል። የተላከው ሊንክም አልተቀየረም።

ለፍለጋ የሚታየው ርዕስና ገጹ ላይ የሚታየው ርዕስ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ይጻፋሉ። ጋሼ በርሊንን በአንደኛው፣ ቅናሹን በሌላኛው አስገቡ፦

```
<title>ትዕግስት አሰፋ በበርሊን ማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች</title>
<h1>ትዕግስት አሰፋ የዓለም ማራቶን ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሻለችው</h1>
```

ጉግል ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያሳይ ራሱ ይወስናል። ስለዚህ ሁለቱም አንድ ነገር መናገር አለባቸው፤ አንዱ ለማሽን የተዘጋጀ ሌላው ለሰው የተጻፈ ሆነው ሊለያዩ አይገባም። የሊንኩ አድራሻ ብቻ በላቲን ተጻፈ፤ `tigst-assefa-berlin-marathon`። ይህ ፊደላችንን ከመናቅ አይደለም። የአማርኛ አድራሻ ተገልብጦ ሲላክ «ት» ብቻዋን `%E1%89%B5` ትሆናለች። ዘጠኝ ምልክት ለአንዲት ፊደል! አራት ቃል ያለው አድራሻ በዋትስአፕ ሲላክ ሰው የሚያየው የማይነበብ የቁጥር ክምር ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ሊንክ አጎቴ እንኳ አይነካውም። ዋሽንግተን ሆኖ በላቲን ፊደል የሚፈልግ ወገንም በዚያው ስሟን ያገኘዋል።

የርዕሱ ጥንካሬ ከዓመት በኋላ ተፈተነ። ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች በቺካጎ 2:09:56 ገባች። ያን ጊዜ የድሮ ዜናዎቻችንን ስናገላብጥ «የዓለም ፈጣኗ ማራቶን ሯጭ ትዕግስት አሰፋ» የሚሉ ርዕሶች በአንድ ቀን አርጅተው አገኘናቸው፤ የሌላ ሰው የሆነ ማዕረግ ይዘው በፍለጋ ይወጣሉ። የእሑዱ ርዕስ ግን አልተነካም። ሰበረች ይላል፤ ሰብራለች። ማዕረግ ይወሰዳል፣ ድርጊት አይወሰድም።

ሁሉም ርዕስ እንዲህ አይሳካም። ይህ አሠራር አጭር ስም ይፈልጋል። «የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን» ብቻውን ከነክፍተቱ 21 ፊደል ነው፤ ከፊት ሲቀመጥ ግሱን ይገፋዋል። «ኢሰመኮ» ሲባል አራት ፊደል ይሆናል፤ ግን ምኅጻሩን የማያውቅ አንባቢ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ጋሼ ምኅጻሩን ርዕሱ ላይ፣ ሙሉ ስሙን ከሥሩ ባለው ንዑስ ርዕስ ላይ ያደርጋሉ፤ ደስ ሳይላቸው። በዚህ ላይ የተሻለ መንገድ አላገኙም፤ እኔም አላገኘሁም።

መሳቢያ ውስጥ የገባው ርዕስ ጠፍቶ አልቀረም። ለሳምንቱ መጨረሻ ስለ ትዕግስት ከ800 ሜትር ወደ ማራቶን ያደረገችው ጉዞ ሐተታ ሲዘጋጅ ወረቀቱ ወጣ። «ትዕግስት ፍሬዋን በርሊን ላይ ለቀመች» በትልቁ፣ ከፎቶዋ ጎን፤ ከሥሩ በትንሹ «የትዕግስት አሰፋ የሰባት ዓመት መንገድ»። እዚያ ሰሙም ወርቁም ቤታቸው ነበሩ።

ዘጋቢዋ የተማረችውን ያየሁት ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ትዕግስት የለንደን ማራቶንን በ2:15:50 አሸነፈች። በዚያ ውድድር ሴቶች ያለ ወንድ አሯሯጭ ለብቻቸው ይሮጣሉ፤ የዓለም አትሌቲክስም የዚህን ዓይነት ውድድር ክብረ ወሰን ለብቻው ይመዘግባል። የቀድሞው ፔሬስ ጄፕቺርቺር በዚያው በለንደን ያስመዘገበችው 2:16:16 ነበር። ሦስተኛ የወጣችው ሲፋን ሀሰን ናት፤ በፓሪስ ኦሎምፒክ ትዕግስትን በሦስት ሰከንድ የቀደመቻት። ፈተናው ከበርሊኑ ይከብዳል። «የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች» ብሎ ማቆም ይቻላል፤ እውነትም አለበት፤ ግን 2:09:56ን የሰበረች ያስመስላል። «ትዕግስት ሲፋንን ተበቀለች» ማለትም ይቻላል፤ ሁለት የሚፈለጉ ስሞች፣ አንድ ትኩስ ግስ፣ ብዙ አንባቢ። ያን ዕለት እንዲህ እንድትጽፍ የመከሯት አልጠፉም።

የላከችው ረቂቅ ይህ ነበር፦ «ትዕግስት አሰፋ ለንደንን አሸነፈች፤ በሴቶች ብቻ ውድድር ክብረ ወሰን ሰበረች»። ድሉን አስቀደመች፤ ድሉ ቢቆረጥም ባይቆረጥም ሙሉ እውነት ነው። ክብረ ወሰኑን ከነገደቡ አስከተለች፤ «በሴቶች ብቻ ውድድር» የሚለው ከ«ሰበረች» በፊት ስለሚመጣ ግሱን ያየ ሁሉ ገደቡንም አይቷል። ጋሼ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። ጣታቸው እስከ መጀመሪያው ግስ ድረስ ሃያ አንድ ጊዜ ጠረጴዛውን መታ። ምንም ሳይነኩ አወጡት።